ማሰሪያው ከመነሻው ሲገኝ፦ ስለ ተመላሽ ፍጻሜ የቀረበ ሂስ

አንድ ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ እንዳለው በየክፍሉ እናስተምራለን። መደምደሚያው ሐሳቡን የሚቋጭና አንባቢውን የሚያሰናብት መሆን እንዳለበትም አበክረን እንናገራለን። ተማሪዎቻችን ግን በእጅ ስልክ በሚያዩአቸውና ራሳቸውም በሚሠሩአቸው አጫጭር ፊልሞች ውስጥ የዚህን ተቃራኒ ይማራሉ። በእነዚህ ፊልሞች የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አይቋጭም፤ እንደ ተንጠለጠለ ይቀርና ፊልሙ በራሱ እንደገና ሲጀምር ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጋር ይገጥማል። ተመልካቹም ፊልሙ ማለቁን ሳያውቅ ሁለተኛ ጊዜ ያየዋል። ወጣቶቹ ይህን «ሉፕ» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ተመላሽ ፍጻሜ» ብለን እንጠራዋለን።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 «ቫይን» የተባለ አገልግሎት ስድስት ሰከንድ ብቻ የሚረዝሙና ሳያቋርጡ የሚደጋገሙ ፊልሞችን ለሕዝብ አቀረበ። አገልግሎቱ ብዙ አልቆየም፤ ልማዱ ግን ወደ ቲክቶክና ወደ ዩቲዩብ አጫጭር ፊልሞች ተላለፈ። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ባወጣው መግለጫ፣ አንድ ሰው ረዘም ያለ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየቱ ለፊልሙ መሰራጨት ከፍተኛ ግምት እንደሚሰጠው አስታውቋል። ዩቲዩብም ከመጋቢት 31 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጭር ፊልም በተጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር አንድ ዕይታ ብሎ ይቈጥራል። በመሆኑም ተመላሽ ፍጻሜ የጽሕፈት ብልሃት ብቻ ሳይሆን ቁጥር የሚያስገኝ ሥራ ሆኗል። የዚህ ሂስ ዋና ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል። ተመልካቹ የተመለሰው አዲስ ነገር ስላገኘ ነውን? ወይስ ስለ ተታለለ?

ጥያቄውን በደፈናው ከመመለስ አንድ ምሳሌ ይዘን ብንመረምረው ይሻላል። ምሳሌያችንን ከገዳሪፍ እንውሰድ። ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ይገኛል፤ ከጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ ገዳሪፍ ይደረሳል። አገሩ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በአጨዳ ወራት ከእኛም አገር ብዙ የቀን ሠራተኛ እየተሻገረ ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ፣ በአካባቢው አማርኛ የሚሰማ ጆሮ አይጠፋም። ስለ ሰሊጥ አጨዳ በአማርኛ ሃያ ሰከንድ የሚሆን ፊልም ለመሥራት ያሰበ አንድ ተማሪ አለ እንበል። ጽሑፉን ለማስረጃ ያህል ያዘጋጀነው እኛው ነን፤ ነገር ግን ስሕተቱ በየዕለቱ የሚታይ ነው።

«ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨዳል። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆን፣ ሠራተኛው ማጭድ ይዞ ይገባል። የታጨደው ታስሮ ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ሳምንትም በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በማሳው ላይ ቆሞ የደረቀ እንደሆነ ግን ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። ለዚህም ነው…»

ጽሑፉ ከአርባ ቃላት በጥቂቱ ይበልጣል። በተረጋጋ ንባብ በሰከንድ ሁለት ቃል ያህል ስለሚነበብ፣ ከሃያ ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ማንም ሰዓት ይዞ ሊፈትነው ይችላል። ይዘቱም ትክክል ነው። ሰሊጥ ፍሬው ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈታል፤ ዘሩን የሚያፈሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬ የታችኛው ፍሬ እንደ በሰለ፣ የላይኛው ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጭደው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የት ላይ ነው? መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር አያይዘን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበው፤ «ለዚህም ነው ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨዳል።»

ይህ አማርኛ አይደለም። «ለዚህም ነው» ካልን በኋላ የሚከተለው ግሥ «የሚታጨደው» መሆን ይገባዋል። ምክንያቱን አጉልተን በ«ነው» ስናስር፣ ዋናው ግሥ «የሚ» ወይም «የ» ይዞ መምጣት ግድ ይሆንበታልና። ይህ ስሕተት እንዲያው የመጣ አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ተመላሽ ፊልሞች «ለዚህ ነው» በሚል ሐረግ ማለቅን እጅግ ይወዳሉ፤ በዚያ ቋንቋ ከሐረጉ በኋላ የሚመጣው ዐረፍተ ነገር መልኩን ሳይለውጥ እንዳለ ሊቀመጥ ይችላልና። ወደ አማርኛ ሐረጉ ብቻ ተተርጉሞ መጣ፤ የግሡ ለውጥ ግን ተረሳ። ተመልካቹ ሰዋስው ባይጠቅስም ጆሮው ይሰናከላል። መሰናከሉም በመጋጠሚያው ላይ ስለሆነ፣ ሊሰወር የታሰበው ስፌት ይገለጣል።

ታዲያ እንዴት ይታረም? መፍትሔው ያለው በራሱ በአማርኛ የዐረፍተ ነገር ሥርዐት ውስጥ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ፣ ጊዜውና ዓላማው ይቀድማሉ፤ ዋናው ዐረፍተ ነገር ይከተላል። «እንዳይ»፣ «ስለ»፣ «ሲ» ወይም «ከ…በኋላ» የያዘ ጥገኛ ሐረግ የሰማ ጆሮ ማሰሪያውን ይጠብቃል፤ እስኪያገኘውም ድረስ አያርፍም። እንግዲህ ፊልሙ በጥገኛ ሐረግ ቢያልቅና በሙሉ ዐረፍተ ነገር ቢጀምር፣ ጆሮ የሚጠብቀውን ማሰሪያ የሚያገኘው ከመነሻው ይሆናል። ስለዚህ የምሳሌያችንን መጨረሻ እንዲህ እናርመው፤

«በማሳው ላይ ቆሞ የደረቀ ሰሊጥ ፍሬው ይሰነጠቃል። ዘሩም መሬት ላይ ፈሶ እንዳይቀር…»

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ሲመለስ «ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨዳል» የሚለው ይሰማል። «ዘሩም መሬት ላይ ፈሶ እንዳይቀር ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨዳል።» አንድ ፊደል ሳይጐድልና ሳይጨመር ጤናማ ዐረፍተ ነገር ሆነ። በአንጻሩ የአየርላንዱን ደራሲ የጄምስ ጆይስን ሥራ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመው «ፊኔጋንስ ዌክ» በተባለው መጽሐፉ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው መስተአምር ላይ ተቋርጦ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀጥላል። እኛ በዚያ ቦታ መቁረጥ አንችልም። የእኛ መስተአምር በስሙ ጫፍ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ለብቻው አይቆምም። እኛ የምንቆርጥበት ሌላ ቦታ አለን፤ ይኸውም በጥገኛው ሐረግና በማሰሪያው ዐረፍተ ነገር መካከል ነው።

በቦዝ አንቀጽ ለሚጨርሱ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቦዝ አንቀጽ የራሱ ባለቤት ካልተጠቀሰለት፣ ባለቤቱን ከማሰሪያው ይወስዳል። ለምሳሌ ፊልሙ «ይህንንም አይቶ…» ብሎ ቢያልቅና «ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨዳል» ብሎ ቢጀምር፣ ያየው ሰሊጡ ራሱ ሊሆን ነው። «አይቶ» እንዲኖር ከተፈለገ መነሻው «ገበሬው ሰሊጡን ሳይደርቅ ያጭዳል» መባል አለበት። ከዚህ የምንረዳው ተመላሽ ፍጻሜ የሚጻፈው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መሆኑን ነው። አስቀድሞ መጋጠሚያው እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ከዚያ በሁለት ይከፈላል፤ የኋለኛው ክፍል መነሻ፣ የፊተኛው ደግሞ መድረሻ ይሆናል። መካከሉ የሚሞላው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙን ጨርሶ በመጨረሻ መጋጠሚያ የሚፈልግ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ «ለዚህም ነው» ላይ ይወድቃል።

በወረቀት ላይ የገጠመ ሁሉ በድምፅ ይገጥማል ማለትም አይደለም። የአማርኛ ተናጋሪ የንግግሩ መጨረሻ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲጀምር ከፍ ያደርጋል። «እንዳይቀር» የሚለው ቃል በወደቀ ድምፅ ከተነበበ፣ ሰዋስዉ ተንጠልጥሎ ሳለ ድምፁ ቋጨ ማለት ነው። ለዚህ የሚበጀው መጋጠሚያውን ሳይከፍሉ በአንድ ትንፋሽ አንብቦ መቅረጽና ከተቀረጸ በኋላ መቁረጥ ነው። እንዲሁም በመነሻ ላይ «ጤና ይስጥልኝ»፣ በመድረሻም ላይ «አመሰግናለሁ» የሚባል ከሆነ መጋጠሚያ የሚባል ነገር አይኖርም። ሰላምታ ሰው መምጣቱን፣ ምስጋናም መሄዱን ያበስራል። ምስሉም እንደ ድምፁ መታሰብ አለበት። ፊልሙ በቆመ የሰሊጥ ማሳ ከጀመረ፣ ዘሩ በፈሰሰበት መሬት ላይ አልቆ ከመሬቱ ቀና ሲል ማሳውን ቢያሳይ፣ ዐይንም እንደ ጆሮ ሳይሰናከል ይሻገራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስፌቱ ነው። አሁን ወደ ትርጉሙ እንግባ። ያረምነውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው «ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨዳል» ሲባል ይገረማል። እህል ደርቆ እንጂ ሳይደርቅ ይታጨዳልን? ነገሩ የችኮላ ሥራ ይመስለዋል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማው ግን የዘሩን መፍሰስ አይቷልና፣ ያው ዐረፍተ ነገር የገበሬውን ብልሃት ይነግረዋል። ቃላቱ አልተለወጡም፤ ሰሚው ግን ተለውጧል። በመጀመሪያ እንቆቅልሽ የነበረው በሁለተኛው መልስ ሆነ። የሰምና ወርቅ ቅኔን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ስሜት አዲስ አይሆንበትም። ኅብረ ቃሉ እስኪገለጥለት ድረስ ሰሙን ይሰማል፤ ከተገለጠለት በኋላ ወደ ስንኙ መጀመሪያ ተመልሶ ወርቁን ይለቅማል። እንዲመለስ የሚያደርገው ያልተፈታው ነገር ነው እንጂ ተንኮል አይደለም።

እንግዲህ መለኪያችን ይህ ነው። መነሻው በሁለተኛው ዙር ሌላ ትርጉም ካገኘ ተመላሽ ፍጻሜው ሥራውን ሠርቷል። ስፌቱ ገጥሞ ትርጉሙ ያው ከሆነ ግን ተመልካቹ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መታለሉን ያውቅና ይሄዳል፤ ቁጥሩ ግን አንድ ዕይታ ጨምሯል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጽሑፉን ሰው ከሚያነብበት ፍጥነት በላይ እያሳለፉ ተመልካቹን ለማስደገም መሞከር ነው። እዚያ ተመልካቹ የሚመለሰው ስላልገባው ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ፊልሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አሳይተን እናቁመውና «ሰሊጥ ሳይደርቅ የሚታጨደው ለምንድን ነው?» ብለን እንጠይቀው። ከመለሰ ፊልሙ ቁም ነገሩን በአንድ ዙር ሰጥቷል፤ ሁለተኛው ዙር ምርቃት ነው። ካልመለሰ ግን ዙሩ የጐደለውን መሸፈኛ ሆኗል። ፈተናው ሌላም ጥቅም አለው። በክፍል ውስጥ በትልቅ መስኮት ሲታይ ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ፊልሙ በራሱ ላይደገም ይችላል፤ ያን ጊዜ «እንዳይቀር…» ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቁም ነገሩ ቀድሞ ያልተነገረበት ፊልም እዚያ ላይ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነጥብ እንምጣ። ለሰሊጥ የተስማማው ዙር ለሰው ታሪክም ይስማማልን? ሰሊጥ በየዓመቱ ይዘራል፤ በየዓመቱ ይታጨዳል። ነገሩ ራሱ ስለሚመላለስ፣ ዙሩ ከነገሩ ጋር ይስማማል። በዚያው በገዳሪፍ ግዛት ግን ኡም ራኩባ የተባለ የስደተኞች መጠለያ አለ። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተጠልለውበታል። ኋላ ተዘግቶ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ድንበር ለተሻገሩ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። ተመላሽ ፍጻሜ የሚፈልግ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ዐይኑ ይበራል። እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላልና፤

«ስደተኞች ኡም ራኩባ ደረሱ። ድንኳን ተተከለ፤ እህል ታደለ። ዓመታት አለፉ፤ መጠለያውም ተዘጋ። ከዚያ በአገር ቤት እንደገና መከራ መጥቶ…»

«እንደገና መከራ መጥቶ ስደተኞች ኡም ራኩባ ደረሱ።» ስፌቱ እንከን የለውም። «መጥቶ» የራሱን ባለቤት «መከራ»ን ስለያዘ ሰዋስዉ ጤናማ ነው። ትርጉሙም በሁለተኛው ዙር ይለወጣል፤ ተመልካቹ መጀመሪያ አንድ ዘመን የመሰለው ሁለት ዘመን ሆኖ ያገኘዋል። እስካሁን ባቀረብናቸው መለኪያዎች ሁሉ ፊልሙ ያልፋል። ይሁን እንጂ እውነትን ያጐድላል ብለን እንፈርዳለን።

መጀመሪያ፣ ዙሩ እንዲገጥም ሲባል ዓመተ ምሕረቱ ከመነሻው ዐረፍተ ነገር ወጥቷል። «በ1977 ዓ.ም.» ቢል በሁለተኛው ዙር ሐሰት ይሆን ነበርና። ከዓመቱ ጋር ምክንያቱም ወጣ። የ1977ቱ ስደት ድርቅ፣ ረሀብና የዚያን ዘመን ጦርነት ያስከተሉት ነበር፤ የ2013ቱ ደግሞ በጥቅምት ወር የተጀመረ ሌላ ጦርነት ያስከተለው ነው። ዙሩ ሁለቱንም «መከራ» በሚል አንድ ቃል ውስጥ ከተታቸው። መከራ ደግሞ እንደ ዝናብ ራሱ የሚመጣ እንጂ ሰው የሚያመጣው አይመስልም። ተመልካቹ ፊልሙን አሥር ጊዜ ቢያየው ማን ምን እንዳደረገ አንድ ጊዜም አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ በእርግጥ ክብ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ ከሌሎች የሱዳን ክፍሎች የሸሹ ሱዳናውያን መጠጊያ ሆነች። ከእነርሱም ብዙዎች በጋላባትና በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ገቡ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተገለበጠ፤ አስተናጋጁ እንግዳ፣ እንግዳውም አስተናጋጅ ሆነ። ስለዚያ ድንበር መታወቅ ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። «ስደተኞች ኡም ራኩባ ደረሱ» ወደሚል መነሻ የሚመለስ ፊልም ግን ይህን ማስገባት አይችልም። ቢያስገባ ዙሩ ይሰበራል፤ ባያስገባ ታሪኩ ይጐድላል። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ በእኛ አስተያየት መሰበር ያለበት ዙሩ ነው። ፊልሙ በ1977 ይጀምር፤ በ2013 ይቀጥል፤ በ2015 በመተማ በኩል በሚገቡት ሱዳናውያን ይፈጸም፤ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርም ማሰሪያው በቦታው ይሁን። ያኔ ተመልካቹ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶት ሊሄድ ይችላል። የዕይታው ቁጥርም ያንሳል። ሆኖም ያየው ሰው ሦስት ዓመታትንና ሦስት ምክንያቶችን ይዞ ይሄዳል።

በክፍል ውስጥ ይህን ለማስተማር ለሚሹ መምህራን ሥራውን በሁለት ብንከፍለው ይመቻል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በጥገኛ ሐረግና በማሰሪያ የተሠራ አንድ ረዥም ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከዚያም ከመካከሉ ቆርጠው ማሰሪያውን መነሻ፣ ጥገኛውን መድረሻ ያድርጉ። በጎን የተቀመጠው ተማሪ ሁለቱን አያይዞ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ግሡና ባለቤቱ መስማማታቸውን ጆሮ ይፈርዳል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ የመረጠው ጉዳይ እንደ ሰሊጡ በእርግጥ የሚመላለስ፣ ወይም እንደ ድንበሩ ታሪክ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልፍ መሆኑን በጽሑፍ ያስረዳ። የሚያልፍ ከሆነ ያንኑ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱን መልሶ አግብቶ፣ በማሰሪያ አንቀጽ ዘግቶ እንደገና ይጻፈው። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ለዙሩ ሲባል ምን ምን ቃል እንደ ወጣ ይታያል፤ መምህሩም ማረም ያለበት የወጡትን ቃላት ነው።